«ምክንያቱ ያልታወቀ መካንነት» የሚባለው ምንድር ነው፤ ሕክምናውስ በምን ተራ ይከናወናል

ባልና ሚስት ተጋብተው ዓመትም ሁለት ዓመትም ሲቈዩ ልጅ ያልወለዱ እንደ ሆነ ወደ ሐኪም ይሄዳሉ። ሐኪሙም ሁለቱን መርምሮ አንዳንድ ጊዜ በወረቀት ጽፎ የሚሰጣቸው ቃል «ምክንያቱ ያልታወቀ መካንነት» የሚል ነው። ይህን ቃል የሚሰማ ሰው ሁሉ እንደየልቡ ይተረጕመዋል። ባል «የእኔ ዘር ደኅና ነው ተብሏል፤ እንግዲያስ ጕድለቱ የርሷ ነው» ይላል። ሚስት «ሐኪሞቹ ሊያገኙት ያልቻሉት ክፉ ደዌ አለብኝ» ብላ ትሰጋለች። ዘመድ ደግሞ ተስፋ የለውም ብሎ ቈርጦ ሌላ ጋብቻ ይመክራል። ነገሩ ወደ ፍቺ ሲደርስም ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቶች ይጠየቃሉ። በሐኪሙ ወረቀት የተጻፈው ቃል ግን ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አይልም።

ቃሉ የበሽታ ስም አይደለም። ምርመራው ካለቀ በኋላ የተረፈውን የሚጠሩበት ስም ነው። ዳኛ ምስክር ሁሉ ሰምቶ ጥፋተኛ ያላገኘበት መዝገብ እንዳለ ሁሉ፥ ሐኪምም የተለመዱትን ጥያቄዎች ሁሉ ጠይቆ በባልም በሚስትም ላይ ጕድለት ያላገኘ እንደ ሆነ ይህን ስም ይሰጣል። ስለ ልጅ መዘግየት ወደ ሐኪም ከሚሄዱት ከ100 ባልና ሚስት እስከ 30 የሚሆኑት በዚህ ስም ሥር እንደሚገቡ በልዩ ልዩ አገር የተደረገው ቈጠራ ያስረዳል። «መካን» የሚለው የአማርኛ ቃል ፈጽሞ የማያፈራውን ስለሚያሰማ ለዚህ ነገር እጅግ የከበደ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ያለ ምንም መድኃኒት ይወልዳሉና «የዘገየ» ቢባል ለእውነቱ ይቀርብ ነበር።

እንግዲህ ስሙ እንዲሰጥ መልስ ማግኘት የሚገባቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። የሚስት እንቍላል በየወሩ ይወጣልን? እንቍላሉ የሚያልፍባቸው ሁለቱ የማሕፀን ቱቦዎች ክፍት ናቸውን? የማሕፀኑ ውስጥ ደኅና ነውን? የባል ዘር በቂና ተንቀሳቃሽ ነውን? ከአራቱ አንዱ እንኳ ሳይመረመር «ምክንያቱ አልታወቀም» የተባለ እንደ ሆነ ትክክለኛው ቃል «ምክንያቱ አልተፈለገም» ነው።

ስሕተት የሚበዛው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። የወር አበባዋ ቀኑን ሳያዛንፍ የሚመጣ ሴት እንቍላል የሚወጣላት ለመሆኑ ይህ ራሱ ትልቅ ምስክር ነው። ይህንንም ለማጽናት በደም ውስጥ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ቅመም ይለካል፤ መጠኑ ከፍ የሚለው እንቍላል ከወጣ በኋላ ነውና። ብዙ ሐኪም ቤት ግን ሴትን ሁሉ «በ21ኛው ቀን ነይ» ይላል። ይህ የሚስማማው የወር አበባዋ በየ28 ቀን ለሚመጣ ሴት ብቻ ነው። ደሙ መወሰድ የሚገባው የሚቀጥለው የወር አበባ ከሚጠበቅበት ቀን 7 ቀን ያህል አስቀድሞ ስለ ሆነ፥ በየ35 ቀን ለሚመጣባት ሴት ትክክለኛው ቀን 28ኛው ነው። እርሷ በ21ኛው ቀን ብትመረመር እንቍላሏ ገና በዚያው ቀን ገደማ የሚወጣ በመሆኑ መጠኑ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ሐኪሙም የሌለባትን በሽታ ያወጣላታል።

በአገራችን እጅግ የሚያስፈልገው የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው። ሳይታከም የቈየ የአባለ ዘር በሽታ፥ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የገባ መርዝ፥ አልፎ አልፎም የሳንባ ነቀርሳ ዘር ወደ ማሕፀን ወርዶ ቱቦዎቹን ይደፍናቸዋል። ይህ ዐይነት ጕዳት ከሰሐራ በታች ባሉት አገሮች ከሌላው ዓለም ይልቅ ይበዛል። ሴቲቱ ምንም ሕመም ሳይሰማት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ራጅ የሚያሳየውን ፈሳሽ በማሕፀን በር አስገብተው በቱቦዎቹ ጫፍ ወጥቶ ወደ ሆድ መፍሰሱን ሳያዩ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ማለት አይገባም። በዚሁ ምርመራ የማሕፀኑም ቅርጽ ስለሚታይ ሦስተኛው ጥያቄ በከፊል አብሮ ይመለሳል፤ የቀረውን አልትራሳውንድ ይመልሰዋል።

ስለዚህ ፈሳሽ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ፈሳሹ ከውሃ ወይም ከዘይት የተሠራ ይሆናል። በሆላንድ አገር 1,119 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው እኩሌቶቹ በውሃው፥ እኩሌቶቹ በዘይቱ ተመረመሩ። ውጤቱም እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ2017 ዓመት ታትሞ ወጣ። በ6 ወር ውስጥ በውሃው ከተመረመሩት ከ100 ሴቶች 29 ያህሉ ሲፀንሱ፥ በዘይቱ ከተመረመሩት ግን 40 ያህሉ ፀነሱ። ለምርመራ የተደረገው ነገር ሕክምና ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። እንዴት እንደሚሠራ እስከ ዛሬ በርግጥ የተስማሙበት የለም፤ በቱቦው ውስጥ የተጋገረውን ያጥበዋል የሚሉ አሉ።

አራተኛው ጥያቄ ምርመራው ከሁሉ የቀለለ ሳለ ከሁሉ ይልቅ የሚዘለል ነው፤ ወንዶች «እኔ ምን ሆኜ» ብለው እንቢ ይላሉና። ባል ከ2 ቀን የማያንስ ከ7 ቀን የማይበልጥ ጊዜ ታቅቦ ዘሩን በንጹሕ ዕቃ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባሳተመው መጽሐፍ የዝቅተኛው ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፥ ከዚህም ውስጥ ከ100 እጅ 42ቱ የሚንቀሳቀስ ነው። ነገር ግን እነዚህ ቍጥሮች እንደ አጥር የሚታዩ አይደሉም። ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ የፀነሱላቸው ወንዶች ተለክተው ከመካከላቸው ከ100 አምስቱ ከወሰኑ በታች ተገኝተዋል፤ ወሰኑ የተመረጠው እንዲሁ ነው። ከወሰኑ ዝቅ ያለ ሰው ሊወልድ ይችላል፤ ከፍ ያለውም ላይወልድ ይችላል። ዝቅ ብሎ ከተገኘ ከ3 ወር ያህል በኋላ ይደገማል፤ ዘር ለመብሰል ከ2 ወር በላይ ይፈጅበታልና በመካከሉ የነበረ ብርቱ ትኵሳት ሊያበላሸው ይችላል።

ከአራቱ ጥያቄዎች አስቀድሞ ደግሞ የጊዜ ቈጠራ አለ። ሐኪሞች መዘግየት የሚሉት ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አዘውትረው እየተገናኙ 12 ወር ሲያልፍ ነው። ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ምርመራው በ6 ወር ይጀመራል። በዚህ ላይ «አዘውትረው» የሚለው ቃል ሊታሰብበት ይገባል። ባል በጠረፍ ሥራ ላይ፥ ወይም ሚስት በዐረብ አገር ሥራ ላይ የቈየችበት ጊዜ በቈጠራው አይገባም። በጾም ወራትና በጾም ቀናት የሚታቀቡ ባልና ሚስትም በዐቢይ ጾም 55 ቀን ብቻ ሁለት የወር አበባ ዙር ያህል ያልፋቸዋል፤ የነቢያትና የፍልሰታ ጾም፥ ረቡዕና ዓርብ ሲጨመር የተጋቡበት ዓመት ሙሉ ሆኖ ሳለ የተገናኙበት ጊዜ ግማሽ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ይህን ለመጠየቅ ያፍራል፤ ባልና ሚስቱም ለመናገር ያፍራሉ፤ ቈጠራውም ተሳስቶ ይጻፋል። ሴት ልትፀንስ የምትችለው እንቍላል የሚወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት 5 ቀኖች፥ በጠቅላላው በየወሩ 6 ቀን ያህል ብቻ መሆኑን ላወቀ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው።

አራቱም ጥያቄዎች ደኅና መልስ ካገኙ ታዲያ ፅንስን የሚያዘገየው ምንድር ነው? መልሱ ምርመራዎቹ ሊያዩ የማይችሉት ነገር ብዙ መሆኑ ነው። ራጁ ቱቦው ክፍት መሆኑን ያሳያል እንጂ እንቍላሉን ይዞ ማሳለፍ መቻሉን አያሳይም። የደሙ ልክ እንቍላል መውጣቱን ይናገራል እንጂ የእንቍላሉን ጥራት አይናገርም። ዘሩ በመስተዋት ሲታይ ይዋኛል፤ ከእንቍላሉ ሲደርስ ግን ሰብሮ መግባቱን ያየ የለም። በአንዳንዶቹ ሴቶች ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው፥ የማሕፀን ውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ በቅሎ የሚገኝበት ደዌ ተደብቆ ይኖራል። በሌሎቹ ደግሞ ምንም ጕድለት የለም፤ ዕድላቸው ብቻ ዘግይቷል። ጤነኞች ወጣቶች እንኳ በአንድ ወር ውስጥ የሚፀንሱት ከ100 ከ20 እስከ 25 ያህሉ ናቸውና፥ ዕጣው ለአንዳንዱ ሰው ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሳይወጣለት ቢቀር አያስደንቅም። ሚስት ከ40 ዓመት በታች የሆነች እንደ ሆነ በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ከ80 የሚበልጡት ይፀንሳሉ፤ ከቀሩት ደግሞ እኩሌታ ያህሉ በሁለተኛው ዓመት ይፀንሳሉ።

በዚህ ምክንያት የሕክምናው የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን መድኃኒት ይሰጥ» የሚል ሳይሆን «መጠበቅ ይጠቅማልን ወይስ ይጐዳል» የሚል ሆነ። ይህንንም የሚወስኑት ከሁሉ ይልቅ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሚስት ዕድሜና የቈዩበት ዘመን። ከዚህ በፊት ፅንስ መኖር አለመኖሩና የባል ዘር እንቅስቃሴም ይጨመራል። በሆላንድ ሐኪሞች እነዚህን አሰናድተው በሚቀጥለው 12 ወር ውስጥ ያለ መድኃኒት የመፅነስን ተስፋ በቍጥር የሚያወጣ ሒሳብ ሠርተዋል።

ይህ ሒሳብ ምን ያህል ነገር እንደሚለውጥ ሁለት ጥናቶች ጐን ለጐን ሲታዩ ይገባል። የመጀመሪያው በ2006 ከሆላንድ የወጣው ነው። ተስፋቸው ከ100 ከ30 እስከ 40 የሆነ 253 ባልና ሚስት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 127ቱ ለ6 ወር እንቍላል የሚያበዛ መድኃኒት እየተሰጣቸው የታጠበ የባል ዘር ወደ ማሕፀን ገባላቸው፤ 126ቱ ግን ያለ መድኃኒት እንዲጠብቁ ተደረገ። በ6 ወሩ መጨረሻ ፅንሳቸው የጸናላቸው ከታከሙት 29፥ ከጠበቁት ደግሞ 34 ሆኑ። ሕክምናው ድካምና ገንዘብ ከማስወጣት በቀር አንዳች የጨመረው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው በ2018 ከኒው ዚላንድ ወጣ። በዚያ የተመረጡት 201 ሴቶች ተስፋቸው ከ100 ከ30 በታች የወረደ ነበር። ለ101ዱ እስከ 3 ጊዜ ያንኑ ሕክምና አደረጉላቸው፤ 100ውን እንዲጠብቁ አደረጓቸው። ከታከሙት 31 ሕያው ልጅ ወለዱ፤ ከጠበቁት የወለዱት 9 ብቻ ናቸው። ሁለቱ ጥናቶች እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ይሁን እንጂ አይቃረኑም። ሕክምናው አንድ ዐይነት ነው፤ የተለየው የታካሚዎቹ ተስፋ ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ለሁለቱም ወገን አንድ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ስሙን ብቻ አይቶ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን ወገን ይበድላል።

የሕክምናው ተራ ከዚህ ይመነጫል። ተስፋቸው ደኅና የሆነ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ እየተገናኙ 6 ወር ያህል ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ቢያንስ ኪኒን ይሰጠን» ይላል፤ ክሎሚፌን የሚባለውም ኪኒን በቀላሉ ስለሚገኝ ይታዘዝለታል። በስኮትላንድ ተደርጎ በ2008 የወጣው ጥናት ግን ይህን አልደገፈም። በ6 ወር ውስጥ ያለ መድኃኒት ከጠበቁት ከ100 17ቱ ሲወልዱ፥ ኪኒኑን ብቻ ከዋጡት የወለዱት 14 ናቸው። እንቍላሏ በየወሩ የሚወጣላትን ሴት እንቍላል ማስወጫ ማጠጣት የሚበቅለውን እህል እንዲበቅል እንደ ማዘዝ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ኪኒኑን ዘር ወደ ማሕፀን ከማስገባት ጋራ ማጣመር ነው። ሚስት የወር አበባዋ በጀመረ በ3ኛው ቀን ገደማ ለ5 ቀን ክሎሚፌን ወይም ሌትሮዞል ትውጣለች። ከዚያ በኋላ የሚያድጉት የእንቍላል ከረጢቶች በአልትራሳውንድ ይለካሉ። ትልቁ ከረጢት 18 ሚሊ ሜትር ያህል ሲደርስ እንቍላሉን የሚያስወጣ መርፌ ትወጋለች፤ ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ በኋላ የባል ዘር ታጥቦ፥ ተንቀሳቃሹ ተለይቶ፥ በቀጭን ቱቦ ወደ ማሕፀኗ ይገባል። ይህ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ሕመሙም ቀላል ነው። ልኬቱን መዝለል ግን አይፈቀድም። የበሰሉት ከረጢቶች 3 ወይም ከዚያ በላይ ሆነው ከተገኙ የዚያ ወር ሙከራ ይቋረጣል፤ ባልና ሚስቱም በዚያው ሰሞን እንዳይገናኙ ይነገራቸዋል፤ መንታና ሦስት መንታ የሚመጣው በዚህ ነውና። በኪኒኑ ፈንታ ብርቱውን መርፌ የሚመርጡ ሐኪሞች አሉ። በ2015 በአሜሪካ የወጣው የ900 ሴቶች ጥናት እንዳሳየው መርፌው የሚወለዱትን ቍጥር ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን በመርፌው ከፀነሱት ሲሶ ያህሉ ከአንድ በላይ ልጅ ፀንሰው ተገኙ። መንታ በአገራችን በደስታ የሚታይ ቢሆንም ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን የሚያድርበት ማሞቂያ በሌለበት አገር ይህ ደስታ ቶሎ ወደ ልቅሶ ይለወጣል።

ሙከራው ከ3 እስከ 6 ጊዜ ይደረጋል፤ ከዚያ በላይ መደጋገም ገንዘብን መጨረስ፥ ከገንዘብም ይልቅ የሴቲቱን ዕድሜ መጨረስ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ከማሕፀን ውጭ ፅንስ ማስጀመር ነው፤ በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ በእንግሊዝ አገር በ1978 ተወለደች። ሚስት 10 ቀን ያህል መርፌ ትወጋለች፤ እንቍላሎቹ በመርፌ ተቀድተው ከባል ዘር ጋራ በሳሕን ይቀመጣሉ፤ ከ3 እስከ 5 ቀን ያደገው ፅንስ ወደ ማሕፀን ይመለሳል። የሚመለሰው አንድ ፅንስ ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ ትርፉ በብርድ ይጠበቃል። ይህ ደረጃ ሕክምና ብቻ ሳይሆን ምርመራም ነው። ዘሩ ከእንቍላሉ ሊዋሐድ አለመቻሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዐይን የሚታየው በዚህ ነውና አንዳንድ ጊዜ «ያልታወቀው» ምክንያት እዚህ ላይ ይታወቃል። አደጋውም ሊሸሸግ አይገባም። መድኃኒቱ የበረታባት ሴት ሆዷ ይነፋል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ይህ በታየ ጊዜ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

በተራው ላይ ሊቃውንቱ ሁሉ አንድ አይደሉም። በእንግሊዝ አገር በ2013 የወጣው መመሪያ ሁለተኛውን ደረጃ ዘልሎ፥ ሁለት ዓመት ሞክረው ያልፀነሱት በቀጥታ ወደ ሦስተኛው እንዲሄዱ መከረ። በ2023 የወጣው የኤውሮፓ የመዋለድ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ግን ሁለተኛው ደረጃ እንዲቀድም መከረ። የእንግሊዙ ምክር ከኒው ዚላንዱ ጥናት በፊት የተጻፈ መሆኑን ላስተዋለ ሰው የኋለኛው ሚዛን ይደፋል።

ነገሩ በሥራ እንዴት እንደሚውል በምሳሌ ይታይ። አንድ ባልና ሚስት አሉ እንበል፤ እርሷ 29 ዓመቷ፥ እርሱ 34 ነው። ከተጋቡ 3 ዓመት ሆኗቸዋል። የባል እናት ልጅ ባለመምጣቱ ተቈጥታለች። የመጀመሪያው ሐኪም በ21ኛው ቀን ደም መርምሮ «እንቍላል አይወጣልሽም» ብሎ ኪኒን አዘዘላት፤ ለ4 ወር ዋጠች፤ አልፀነሰችም። ባል አልተመረመረም።

ሁለተኛው ሐኪም ከመድኃኒቱ በፊት ጥያቄ ጠየቀ። ከ3ቱ ዓመት 14ቱን ወር ባል በክፍለ ሀገር ሥራ ላይ ስለ ነበረ አብረው የኖሩት 22 ወር ብቻ ሆኖ ተገኘ። የወር አበባዋ ቀኑን ሳያዛንፍ በየ34 ቀን ይመጣል። እንግዲህ እንቍላሏ የሚወጣው በ20ኛው ቀን ገደማ ነውና ደሙ በ27ኛው ቀን እንደ ገና ታየ፤ ልኩም ደኅና ሆነ። የመጀመሪያው ሐኪም ያወጣላት በሽታ በዚህ ቀረ። የባል ዘር በሚሊ ሊትር 48 ሚሊዮን፥ ከ100 52ቱ ተንቀሳቃሽ ተገኘ። በራጁም ፈሳሹ በሁለቱም ቱቦ ወጣ። «ምክንያቱ ያልታወቀ» የሚለው ስም ሊሰጥ የሚገባው አሁን ነው፤ አስቀድሞ አልነበረም።

ሐኪሙ አንድ ሌላ ነገር አገኘ። «በ14ኛው ቀን ነው የሚፀነሰው» የሚል ወሬ ሰምተው በ12ኛው፥ በ13ኛውና በ14ኛው ቀን ይገናኙ ነበር፤ ከዚያ በኋላ «ቀኑ አልፏል» ብለው ይተዉታል። ለእርሷ ግን የመፅነሻዎቹ 6 ቀኖች ከ15ኛው እስከ 20ኛው ናቸው። እንግዲህ 22ቱ ወር እንኳ በከፊል ባዶ ነበር። ዕድሜዋ 29 ስለ ሆነና ሁለት ዓመት ስላልሞላ ተስፋቸው ደኅና ነው ብሎ፥ ቀን መቍጠር ትተው የወር አበባዋ ካበቃ ጀምሮ በየ2 ቀኑ እየተገናኙ 6 ወር እንዲጠብቁ፥ በመካከሉም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ አዘዘ። ሁለተኛው ደረጃ የሚጀመርበትንም ወር በወረቀቱ ላይ አብሮ ጻፈ። ይህ ቀን መጻፉ ትንሽ ነገር አይምሰል፤ ቀን የሌለው «ጠብቁ» እንደ ማሰናበት ይሰማል፤ ቀን ያለው ግን ሕክምና ነው።

ያው የምርመራ ውጤት የ38 ዓመት ሴት ቢሆን፥ የቈዩበትም 3 ዓመት ሙሉ ቢሆን፥ መጠበቅን መምከር በደል በሆነ ነበር። በ2014 በአሜሪካ ከ38 እስከ 42 ዓመት በሆኑ ሴቶች ላይ የታተመው ጥናት ሦስተኛውን ደረጃ ወዲያው የጀመሩት በጥቂት ሙከራ እንደ ፀነሱ አሳይቷል። እንቍላል ከሴቲቱ ጋራ ያረጃልና ለእርሷ 6 ወር ለ29 ዓመቷ እንደሆነው 6 ወር አይደለም።

በሦስቱ ደረጃዎች መካከል ለሽያጭ የሚቀርብ ብዙ ነገር አለ። የማሕፀንን ሽፋን መቧጨር፥ «ሰውነትሽ ፅንሱን ይዋጋል» ብሎ የሚያደክም መድኃኒት መስጠት፥ የባል ዘር ደኅና ሆኖ ሳለ አንዱን ዘር በመርፌ ወደ እንቍላል ማስገባት፤ እነዚህ ሁሉ ምክንያቱ ላልታወቀው መዘግየት ጥቅም እንዳላቸው አልተረጋገጠም። ምክንያት ያጣ ሰው የሚነገረውን ምክንያት ሁሉ ለመግዛት ዝግጁ ነውና ነጋዴው ይህን ያውቃል።

ከማሕፀን ውጭ ፅንስ የማስጀመር ሕክምና በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. ተጀምሯል። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ይሆንባቸው ነበር። ከሩቅ አውራጃ ወደዚያ ለሚነሣ ሰው አራቱ ምርመራዎች በቅርቡ ሆስፒታል አስቀድመው ቢሠሩለት መንገዱና ወጪው ይቀልለታል፤ ራጁ ራሱ ፎቶግራፉ እንጂ ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ የዘሩም ውጤት ቍጥሩ ከነቀኑ መጻፍ አለበት። የፍቺ ጕዳይ የቀረበለት ሽማግሌም «ምክንያቱ አልታወቀም» የሚል ወረቀት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው የባልየው ምርመራ በየትኛው ቀን እንደ ተደረገ ነው።